ለቀድሞ አለቃ ስለሚጻፍ የምስክርነት ልመና

ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ ለቀድሞ አለቃ የተጻፈ «ስለ ሥራዬ ቢጠየቁ ምስክር ይሁኑልኝ» የሚል መልእክት መልካም መሆን አለመሆኑን ለመለየት የሚሻ ሰው፣ ከቃላቱ ጣዕም አስቀድሞ አንድ ነገር ይመርምር፤ ይኸውም ተቀባዩ ንባቡን ሲፈጽም፣ መዝገብ ሳያገላብጥና ሌላ ሰው ሳይጠይቅ፣ በቅን ሕሊና የሚመሰክርበትን ነገር አግኝቷልን የሚለው ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራ መደቡን፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ይናገራል፤ አዲሱ ቀጣሪ ለቀድሞው አለቃ ስልክ የሚደውለው ግን ወረቀቱ የማይናገረውን ጠባይና የሥራ አያያዝ ለማወቅ፣ ብዙውን ጊዜም «ዳግመኛ ቢመጣ ይቀጥሩታልን?» ብሎ ለመጠየቅ ነው።

በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ከጥቅምት 2006 እስከ ሰኔ 2010 ዓ.ም. በዕቃ ግምጃ ቤት ያገለገለች፣ ዛሬ ደግሞ በአንድ የውጭ ርዳታ ድርጅት ለመጋዘን ኃላፊነት የተወዳደረች ሴት ለቀድሞ አለቃዋ እንዲህ ብላ ጻፈች እንበል፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤ እንደምን ከርመዋል? ከ2006 እስከ 2010 ዓ.ም. በንብረት ክፍል በእርስዎ ሥር የሠራሁት፣ በ2009ኙ የበጀት መዝጊያ ቆጠራ ቢን ካርዱ ከመደርደሪያው ዕቃ ጋር አልገጥም ሲል የሞዴል 22 ጥራዞችን ከእርስዎ ጋር አንድ በአንድ ያመሳከርሁት ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ሳልጠይቅዎ መቅረቴ አግባብ አልነበረምና ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሁን የምጽፈው ለጉዳይ ነው። ለመጋዘን ኃላፊነት ተወዳድሬ ከመጨረሻው ማጣሪያ ስለ ደረስሁ፣ እስከ ጥር 20 ቀን የምስክሮችን ስም እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ስለ ቆጠራና ስለ መዝገብ አያያዜ በሚያውቁት ልክ ሊመሰክሩልኝ ይፈቅዳሉን? ዘመኑ ርቆ ባያስታውሱ ወይም ባይመችዎ ‹አልችልም› ቢሉኝ አልቀየምም፤ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ። ፈቃድዎን ሳላገኝ ስምዎንም ስልክዎንም ለማንም አልሰጥም።»

የዚህ ጽሑፍ ዕንቁ፣ በእኔ ፍርድ፣ ቆጠራው ነው። «ትጉህና ታማኝ ነበርሁ» የሚለው ቃል በአለቃው ልቡና ምንም ሥዕል አይቀሰቅስም፤ ከእርሱ በኋላ ብዙ ትጉሃንን አስተዳድሯልና። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የወጪ ደረሰኝ ያመሳከሩበት ሰሞን ግን የሴትዮዋን መልክ፣ ትዕግሥቷንና ጽሕፈቷን ሳይቀር ይዞለት ይመጣል፤ ነገ ስልክ ሲደወልለትም የሚናገረው በዓይኑ ያየውን ይሆናል። ስለዚህ መልእክቱን የሚመዝን ሰው ይህን የመሰለ አንድ የጋራ ሥራ ይፈልግበት፤ ከሌለው የቀረው ውበት አያድነውም።

ሰላምታውና ጉዳዩ በአንድ መልእክት መግባታቸውም በጎ ነው። አንዳንዶች በአገራችን ልማድ መሠረት ጉዳይን ቶሎ ማንሳት ነውር መስሏቸው፣ መጀመሪያ «ጠፋሁብዎ አይደል?» ብለው ሰላምታ ብቻ ይልኩና መልስ ካገኙ በማግሥቱ ልመናውን ያስከትላሉ፤ ያን ጊዜ አለቃው ትናንት የተደሰተበት ሰላምታ ለጉዳይ መንገድ መጥረጊያ እንደ ነበረ ይገነዘብና ያዝናል። ይቅርታውም በአንድ ዓረፍተ ነገር መወሰኑ ትክክል ነው፤ የዝምታዋን ምክንያት ብትዘረዝር፣ ለመመስከር የተጠራው ሰው ማጽናናት ግዴታው ይሆንበት ነበር።

እምቢ ለማለት የተተወለት በር ብዙዎች ለትሕትና ብቻ የተጨመረ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን ለአመልካቿ ጥበቃ ነው። ልቡ ያልፈቀደ አለቃ ይሉኝታ ይዞት እሺ ቢል፣ ሲደወልለት «አዎ፣ እዚህ ሠርታለች» ብሎ ዝም ይላል፤ ይህም ቀዝቃዛ ቃል ከግልጽ እምቢታ ይልቅ ይጎዳታል። የቀነ ገደቡ መነገርም እንዲሁ ነው፤ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ፋታ የማይሰጥ ልመና ለማሰብ ጊዜ ስለማይሰጥ ደካማ ነው።

እሺታው ከመጣ በኋላ በሚላከው ሁለተኛ መልእክት ደግሞ ከሥራ ታሪኳና ከሥራ ማስታወቂያው ጋር ዘመኑ በሁለቱም የቀን አቈጣጠር ተጽፎ መሄዱ ይታይ። የውጭ ድርጅቱ ቅጽ «ከኦክቶበር 2013 እስከ ጁን 2018» ሲል፣ አለቃው ከትውስታው «ከ2006 እስከ 2010» ቢል፣ አቈጣጠራችንን የማያውቅ ጠያቂ አንዳቸው ዋሽተዋል ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። የለቀቀችበትም ምክንያት በቅጹ እንደ ሞላችው ይነገረው።

በመጨረሻ፣ ያልነበራትን ሹመት «ኃላፊ ነበረች ይበሉልኝ» የሚል ቃል በመልእክቱ ከተገኘ፣ ጽሑፉ በቋንቋው የቱን ያህል ቢያምር መጥፎ ነው፤ አለቃውን በሐሰት እንዲመሰክር ጠይቆታልና።