ቀስቱን ወደ ኋላ ማንበብ

የልብን ስዕል በስላይድ ሳስተምር መጀመሪያ የሚገጥመኝ የግራና የቀኝ ጉዳይ ነው። ስዕሉ ፊት ለፊታችን የቆመ ሰው ልብ ስለሆነ፣ የልቡ ቀኝ በተመልካቹ ግራ በኩል ይወድቃል። ይህን በቃል ደጋግሞ መናገር ብዙም አይረዳም። አንድ ተማሪ ስክሪኑ አጠገብ ፊቱን ወደ ክፍሉ አዙሮ ቆሞ ቀኝ እጁን ሲያነሳ ግን ነገሩ ያልቃል።

ከዘንገናና ከእንጅባራ ዙሪያ ከሚመጡት ተማሪዎቼ ብዙዎቹ ቤታቸው አዊኛ ይናገራሉ፤ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ እኔ የማብራራው በአማርኛ። ስለዚህ የመጀመሪያው ስላይድ ላይ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ደም ከሰውነት ተመልሶ የሚገባበት የቀኝ ላይኛ ክፍል 1፣ የቀኝ ታችኛ 2፣ ሳንባ 3፣ የግራ ላይኛ 4፣ የግራ ታችኛ 5፣ ከዚያ በአኦርታ በኩል መላ ሰውነት 6። ስሞቹን የምጨምረው ልጆቹ መንገዱን በጣታቸው መከተል ከቻሉ በኋላ ነው። ስምና ቀስት አብረው ከመጡ ዓይን ስሙን ያነባል፤ ቀስቱ ይረሳል።

ቁጥሩ ግን የራሱን ጣጣ ያመጣል። ከ1 እስከ 6 የቆጠረ ተማሪ ቀኙ ቀድሞ፣ ግራው ተከትሎ የሚመታ ይመስለዋል። ቁጥሩ የሚናገረው የአንዲት ጠብታ ደም ጉዞን ነው እንጂ ልብ በአንድ ምት የሚሠራውን አይደለም። ሁለቱ ታችኛ ክፍሎች የሚኮማተሩት በአንድነት ነው፤ አንዱ ወደ ሳንባ፣ ሌላው ወደ መላ ሰውነት ይገፋል። በእረፍት ላይ ባለ ትልቅ ሰው ከእያንዳንዱ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይወጣል። ስለዚህ ሁለተኛ ስላይድ ያስፈልጋል፦ ቁጥር የሌለው፣ ሁለቱ መውጫ ቀስቶች አንድ ላይ ብልጭ የሚሉበት።

የደሙ መጠን እኩል ከሆነ የግራው ግድግዳ ለምን ወፈረ? ይህን ስዕል በደንብ አያሳይም፤ የበግ ልብ ያሳያል። ሥጋ ቤት ስሄድ «ጋሼ፣ ከላይ ያሉትን ቧንቧዎች አይቁረጡብኝ» ብዬ አስቀድሜ እለምናለሁ፤ ከተቆረጡ መግቢያና መውጫው ይጠፋል። ተማሪዎቹ ሲጨምቁት ጠንካራው ጎን ግራው ነው። ጣት በአኦርታ ሲገባ እዚያው ክፍል ውስጥ ይደርሳል። ቀኙ የሚገፋው አጠገቡ ወዳለው፣ ብዙ ወደማይቋቋመው ሳንባ ነው፤ ግራው ግን እስከ እግር ጣት ድረስ ማድረስ አለበት። ስለ ቀለምም እዚሁ እናገራለሁ፦ ሰማያዊው የሰዓሊ ስምምነት ነው፤ ኦክስጅን ያነሰው ደም ጠቆር ያለ ቀይ እንጂ ሰማያዊ አይደለም።

መንገዱ ገብቷቸው እንደሆነ የማውቀው ግን አንድ በር ሳጠብባቸው ነው። በ4 እና በ5 መካከል ያለው ባለ ሁለት ክዳን ቫልቭ፣ ማይትራል የሚባለው፣ ጠቦ ይታያችሁ እላለሁ። ይህ የፈጠራ ጥያቄ አይደለም። በልጅነት ጉሮሮን የሚያሳምመው ስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ሳይታከም ሲቀር፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሩማቲክ ትኩሳት ያስከትላል፤ ትኩሳቱ ሲደጋገም ቫልቩ ጠባሳ ያወጣል፣ ክዳኖቹም ይጣበቃሉ። በአገራችን ወጣቶችን ለልብ ሕክምና ከሚዳርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ ዶክተር በላይ አበጋዝ መሥርተውት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከልም እንዲህ ያሉ ልጆችን ያክማል።

«መጀመሪያ የሚያብጠው የቱ ነው?» ብዬ ስጠይቅ ቶሎ የሚመጣው መልስ «የግራው ታችኛ ክፍል» ነው። አይደለም፤ እሱ ከጠበበው በር በታች ስላለ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል እንጂ አይጨናነቅም። የሚወጠረው 4 ነው። ከዚያ ቀስቱን ወደ ኋላ እናነባለን። ከሳንባ ደም የሚያመጡት ደም መልሶች ይሞላሉ፤ ግፊቱ ሳንባ ውስጥ ወዳሉት ቀጫጭን ሥሮች ይደርስና ውኃ ወደ ሳንባው ይሰርጋል። በሽተኛዋ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሌሊት በጀርባዋ ስትተኛ ይብስባትና ትራስ ትደራርባለች። ጊዜው ሲረዝም ግፊቱ ወደ 2 ይመለሳል፤ ቀጭኑ የቀኝ ግድግዳ ለዚህ አልተሠራምና ይደክማል፤ ያን ጊዜ ጉበት ያብጣል፣ እግር ያብጣል። ትንፋሽ ማጠር ቀድሞ የእግር እብጠት ለምን እንደሚዘገይ ከቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ማንበብ ይቻላል።

በእርግጥ እውነተኛ በሽተኛ እንዲህ የተስተካከለ አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ ያው ቫልቭ ጠቦም ያፈሳል፣ ወይም ሌላም ቫልቭ አብሮ ይጎዳል። ለጀማሪ ግን አንድ በር ይበቃል።

እንደኔ የምታስተምሩ ሁሉ፣ ፈተና ስታወጡ ስሞቹን በተራ አስጽፋችሁ አታብቁ። ቀስት የሌለው ስዕል ስጡ፣ አንድ ቫልቭ ላይ መስቀል አድርጉበት፣ ደሙ የት እንደሚጠራቀም ጠይቁ።