ክርን ላይ ያረፈ እጅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በገና ዕለት ሰሜን ለንደን ውስጥ ቡና የተጠራሁበት ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። የቤቱ እመቤት መሐል ቆመዋል፤ ሦስት ልጆቻቸው ግራና ቀኛቸውን ይዘዋል። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል፤ ሁሉም ይስቃሉ። ቆየት ብዬ ሳየው የሴት ልጃቸው ጥላ ወደ ግራ፣ የትልቁ ወንድ ልጅ ጥላ ወደ ቀኝ ወድቋል። የትንሹ እግር ሥር ጭራሽ ጥላ የለም፤ ከምንጣፉ ትንሽ ከፍ ብሎ የተንሳፈፈ ይመስላል። ስለ ፎቶው ማንም አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ድረስ ግን ዓይኔን ከዚያ ማንሣት አልቻልኩም። ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ የተበተኑ ልጆቿን ፎቶ ላይ ስለምታገናኝ እናት አንድ አጭር ልቦለድ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ረቂቅ አሥራ አራት ገጽ ወጣው፤ የሞተ ነገርም ነበር። ሁለቱ ገጽ ልጆቹ ለምን እንደተበተኑ ያስረዳል። እናትየዋ ከአገር ስትወጣ ትንሹ ልጅ 11 ዓመቱ ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃዷ ሲመጣ 19 ሆኖታል፤ ስደተኛ ወላጅ ልጆቹን የሚያመጣበት የእንግሊዝ ደንብ ደግሞ በመሠረቱ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ነበር። እውነት ነው፤ ይህን ለመናገር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ በመጨረሻም አንድ አደረግሁት። ትልቁ ጥፋት ሌላ ቦታ ነበር። ታሪኩ ሁሉ የተንጠለጠለበትን ሥራ «ልጆቿን ፎቶ ላይ አንድ ላይ አቀናበረቻቸው» ብዬ አልፌዋለሁ። «አቀናበረቻቸው» በሚለው ቃል ውስጥ እጇ ምን እንደሚሠራ፣ ዓይኗ ምን እንደሚፈልግ አላውቅም ነበር። የማላውቀውን ሥራ ለገጸ ባሕርይ ከሰጠኋት ደግሞ ከማልቀስ በቀር የምታደርገው አይኖራትም። በዚያ ረቂቅ ውስጥ አራት ጊዜ ታለቅሳለች።

ስለዚህ መጻፉን ትቼ ፎቶሾፕ ከፈትኩ። አዲስ አበባና ጆሃንስበርግ ካሉ ዘመዶቼ ፎቶ ለምኜ፣ ራሴን ለንደን ላይ አስነሥቼ፣ እሷ የምትሠራውን ልሠራ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የተጣላሁት ከፀሐይ ጋር ነው። በገና ሰሞን ለንደን ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ የምትነሣው 16 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ ወደ 59 ዲግሪ ትደርሳለች፤ ጆሃንስበርግ ያኔ በጋ ስለሆነ አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ለንደን ላይ ስድስት ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል፤ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሜትር፤ ጆሃንስበርግ ላይ ጥላው ጫማው ሥር ይገባል። ፊትም እንዲሁ ነው። አንዱ በጎኑ በርቷል፤ የሌላው የዓይን ጉድጓድ ጨልሞ የአፍንጫው ጥላ ከንፈሩ ላይ ወርዷል። ያን ቡና የጠጣሁበት ቤት ግድግዳ ላይ ያየሁት ይህን ነበር፤ ሦስት ሰው በሦስት ፀሐይ ሥር።

መፍትሔው ከፀሐይ መሸሽ ነው። ሁሉም ቤት ውስጥ፣ በአንድ በኩል መስኮት ይዘው ይቆማሉ፤ አምፖል ይጠፋል። ፎቶ አንሺው ሦስት ሜትር ይርቃል፤ ስልኩን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ቀርቦ ካነሣ አፍንጫ ያብጣል፣ ጆሮ ይሸሻል፤ ከላይ ካነሣ እግር ያጥራል። ፎቶውም በዋትሳፕ ሲላክ እንደ ዶክመንት ይሁን፤ አለዚያ ተጨምቆ የፀጉሩ ጠርዝ ጭቃ ይሆናል። ይህን ካወቅሁ በኋላ እናትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። በሁለተኛው ረቂቅ ማታ ቢሮ አጽድታ ስትመለስ፣ አውቶቡስ ላይ ሆና ለልጆቿ ድምፅ ትልካለች፦ «የኔ እናት፣ መስኮቱ በግራ በኩል ይሁን እሺ? መብራቱን አጥፊውና ብርሃኑ ከውጭ ብቻ ይምጣ።» ናፍቆቷን የሚናገር አንድም ቃል የለም፤ ግን ልጅን ከሩቅ ሆኖ በእጅ ይዞ ማቆም ማለት ይኸው ነው።

ታሪኩን ያስኬደልኝ ደግሞ ያ «በግራ» የሚለው ቃል ነው። እናትየዋ ያለችው በፎቶው ተመልካች ግራ ነው። ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራው ልጇ በራሷ ግራ አድርጋ ቆመች። ብርሃኑ በተቃራኒው መጣ። ማስተካከያው ቀላል ይመስላል፤ Flip Horizontal የሚለውን መንካት ብቻ ነው፣ ፎቶው እንደ መስታወት ይገለበጣል። እሷም ነካችው፤ ብርሃኑም ገጠመ። ግን የልጅቷ ግራ ቅንድብ ላይ የነበረው ጠባሳ፣ በአራት ዓመቷ ቧንቧ ሥር ወድቃ የተረፋት፣ ወደ ቀኝ ሄደ። የነጠላዋም ጫፍ ትከሻ ቀየረ። ይህን የሚያውቅ እንግዳ የለም፤ ማንም አይደርስበትም። እናትየዋ ግን ደም ያበሰችበትን ቅንድብ ታውቀዋለች። ልጅቷ ዕረፍት የምታገኘው እሑድ ብቻ ነው፤ ከገና በፊት የቀረው እሑድም አንድ ነው። እዚህ ላይ ለታሪኩ ሰዓት አገኘሁለት። ቀድሞ ገጽ በገጽ ሐዘን ስከምርበት የነበረውን ጫና አንድ እሑድ ተሸከመው።

ነገሩ የዛሬ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እዚሁ እንግሊዝ አገር ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን የተባለ ፎቶ አንሺ በ1858 በሞት አፋፍ ላይ ያለች ልጃገረድን ከቤተሰቧ ጋር የሚያሳይ ፎቶ ሠርቶ ነበር፤ ሴቶቹ አጠገቧ፣ ወንዱ ጀርባውን ሰጥቶ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ። አምስት ኔጌቲቭ አገጣጥሞ ያተመው ነው። ብዙ ሰው ለፎቶ የማይገባ ሐዘን ነው ብሎ ወቀሰው። እኔን የያዘኝ ያ ጀርባውን የሰጠ ሰው ነው፤ ማንንም ሳያይና ሳይነካ ቆሟል። ለብቻው ተነሥቶ ሌላው መሐል የሚገባን ሰው ለማገጣጠም ከዚህ የቀለለ አቋቋም የለም። የሚያስቸግረው የሚነካ ሰው ነው።

የእኔ እናት ደግሞ መንካት ፈለገች። እጇ በትንሹ ልጅ ትከሻ ላይ እንዲያርፍ። አየር ላይ የተዘረጋ እጅ ወዲያው ይታወቃል፤ ጣቶቹ ይደርቃሉ፣ የእጅ አንጓው ይዝላል። ስለዚህ እጁ ሲነሣ እውነተኛ ነገር ላይ ማረፍ አለበት። ጎረቤቷ ስታነሣት የወንበር መደገፊያ ላይ ጋቢ አጣጥፋ ደራርባ፣ እጇን እዚያ ላይ አሳረፈች። ቁመቱን በሜትር አልለካችም፤ እጇ ያውቀዋል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በሐሳቤ አላገኘሁትም። እኔው ራሴ አዲስ አበባ ያለውን የእኅቴን ልጅ ፎቶ ላይ አጠገቤ ሳቆም ደረሰብኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በ11 ዓመቱ ነው። እኔም ያን ጊዜ የማውቀውን ትከሻ አስቤ እጄን ወንበር ላይ አሳርፌ ተነሣሁ። ፎቶውን አስገብቼ፣ ቁመቱን አስተካክዬ ሳየው እጄ ትከሻው ላይ የለም፤ ክርኑ ላይ ነው። ከወንበሬ ተነሥቼ ሻይ ጣድኩ። ሦስተኛው ረቂቅ የተጻፈው በዚያ ሌሊት ነው።

ፎቶ ቁመት አይናገርም። ግድግዳ ተደግፎ የተነሣ ልጅ በፕሮግራሙ ውስጥ የፈለግኸውን ያህል ይሆናል፤ ጎትተህ ታሳድገዋለህ፣ ገፍተህ ታሳንሰዋለህ። ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ማወቅ ያለበት አቀናባሪው ነው። እናትየዋ 1 ሜትር ከ58 ናት፤ በፎቶው ላይ ራሷን 1580 ፒክስል ብታደርግ አንድ ፒክስል አንድ ሚሊሜትር ይሆንላታል። አብረዋት በአንድ መስመር ለሚቆሙት ሁሉ ይህ ይሠራል። የጎደላት የልጇ ቁጥር ብቻ ነው። ትደውላለች።

«ቁመትህ ስንት ነው?»

«እኔ እንጃ እማ። ከጋሼ እበልጣለሁ።»

«ከጋሼ?»

አክስቱ በር ላይ አቁማ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካችው። ሜትሩ 150 ሴንቲ ብቻ ስለሆነ በሁለት ተራ ነው፤ መጀመሪያ 150፣ ከዚያ 33። 1 ሜትር ከ83። እናትየዋ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ወደ ወጥ ቤቷ በር ሄደች። እዚህ አገር የተለመደው የቤት ውስጥ በር 198 ሴንቲ ነው። ከላይ 15 ሴንቲ ወርዳ በእርሳስ ምልክት አደረገች፤ ለዚያም ወንበር ላይ መውጣት ነበረባት። ከወንበሩ ወርዳ ሥሩ ቆመችና ቀና አለች። ይህን ትዕይንት ስድስት መስመር ብቻ ሰጥቼዋለሁ። ምን እንደተሰማት አንድም ቃል አልጨመርኩም፤ ወንበሩ ላይ መውጣቷ ይናገራል።

ለጥቂት ሳምንታት ታሪኩ በዚያ ምልክት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። አልሆነም፤ እጇ ገና ክርኑ ላይ ነው። ጎረቤቷን ጠርታ፣ ጋቢውን ከፍ አድርጋ እንደገና ልትነሣ ትችላለች፤ በአንድ ረቂቅ እንዲያውም ተነሥታለች። 25 ሴንቲ የሚበልጣትን ልጅ ትከሻ ስትይዝ ግን ክንዷ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ነጠላዋ ተንሸራቶ፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ዕቃ የምትፈልግ መሰለች። እናት የረዘመ ልጇን የምትይዘው ክርኑ ላይ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ደረጃ ላይ እንደምናየው። ስለዚህ እጇን እዚያው ተወችው።

ያኔ የመጨረሻው ሥራ መጣ። ማስኩ ላይ አራቱን ጣቶች ከእጅጌው ፊት፣ አውራ ጣቷን ከኋላ አደረገች። በቅርብ ሲታይ አሁንም አልያዘችውም፤ ጨርቁ ለጥ ብሏል፣ ከጣቶቿ ሥር ምንም አልተጨማደደም። የተያዘ እጅጌ ይታጠፋል። አዲስ ሌየር ከፈተች፣ Multiply አደረገችው፣ ቀጭን ብሩሽ ይዛ ጥላው ከመስኮቱ በተቃራኒ እንዲወድቅ እየተጠነቀቀች እጥፋቱን መሳል ጀመረች። ከዚህ በኋላ አንድ ገጽ ነበረኝ፤ ልጆቹ ፎቶውን ሲያዩ ከሦስት አገር የሚልኩት መልስ። ሰረዝኩት።

በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ውስጥ እጥፋቶቹ አራት ነበሩ። ለኅትመት ከመስጠቴ በፊት የራሴን እጅጌ ክርኔ ላይ ያዝ አድርጌ አየሁት። ጨርቁ ከፍ ብሎ የሚታጠፈው በጣትና በጣት መሐል ነው፤ አራት ጣት ደግሞ ሦስት መሐል ነው ያለው። ሦስት አልኩት።