ጸጥታን መጻፍ፦ በኮሚክ ትርጉም ውስጥ ስለ ንግግር አረፋና ስለ ድምፅ ፊደላት

የኦቶሞ ካትሱሂሮ «አኪራ» 35ኛ ዓመት መታሰቢያ እትም በ2017 በእንግሊዝኛ ሲወጣ፣ «በመጨረሻ ታማኝ ትርጉም አገኘን» የሚል ምስጋና ከየአቅጣጫው ጎረፈለት። ገጾቹ እንደ ጃፓንኛው ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባሉ፤ ሥዕሉ አልተነካም። ሠዓሊው በገዛ እጁ የሣላቸው የፍንዳታ፣ የሞተርና የጩኸት ፊደላት በጃፓንኛ እንዳሉ ቀርተው ፍቺያቸው በመጽሐፉ መጨረሻ በማስታወሻ ተሰጥቷል። ይህ ምስጋና የተጋነነ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ አረፋው ጽሑፍ ጥቂት ስንነጋገር፣ ስለ ድምፅ ፊደላት ደግሞ «አትንኳቸው» ከማለት ያለፈ ነገር ሳንናገር ብዙ ጊዜ ቆይተናል።

የ2017ቱን እትም ከቀደመው ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። «አኪራ» በጃፓን መታተም የጀመረው በ1982 ሲሆን፣ የማርቭል ክፍል የነበረው ኤፒክ ኮሚክስ ደግሞ ከ1988 ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አወጣው። ያ እትም ሥዕሉን እንደ መስታወት ምስል ገልብጦታል፣ ቀለም ጨምሮበታል፣ የድምፅ ፊደላቱንም በእንግሊዝኛ ተክቷቸዋል። መገልበጡ ጉዳት እንዳለው አልክድም፤ ቀኝ እጁን የሚጠቀመው ሁሉ ግራኝ ይሆናል። ፊደል ተኪዎቹ የሠሩትን ሥራ ግን ማንም ዞር ብሎ ሲያመሰግነው አላየሁም። ጃፓንኛው ፊደል በሥዕሉ ላይ ስለተሣለ፣ እሱን ማንሣት ማለት ከሥሩ ያልነበረውን ግድግዳ፣ ጭስና የፍርስራሽ ክምር እንደ አዲስ መሣል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አዲሱ ቃል የፊተኛውን ያህል ክብደት ይዞ፣ ፍንዳታው ወደሚወረወርበት አቅጣጫ አዘንብሎ መግባት አለበት። የሠዓሊነት ሥራ ነው። ጊዜና ገንዘብ ይበላል፤ ብዙ አሳታሚዎች የተዉበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ቶክዮፖፕ በ2002 ማንጋን ሳይገለብጥ «መቶ በመቶ ትክክለኛ» ብሎ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ድምፆቹን አለመንካቱ ወጪም የሚቀንስ ውሳኔ ነበር። ቁጠባው ውሎ አድሮ የታማኝነት ስም ተሰጠው።

ጃፓንኛ የማያነብ ሰው ፊት የተተወ የድምፅ ፊደል ድምፅ መሆኑ ይቀራል። ቅርጽ ሆኖ ይታያል፤ የሚያምር ቅርጽ ሊሆን ይችላል፣ አይሰማም እንጂ። ጃፓናዊው አንባቢ ገጹን ሲገልጥ ፍንዳታው ሥዕሉን ከማየቱ ጋር እኩል ይሰማዋል። ሌላው አንባቢ ግን ደንቆሮ ገጽ ይሰጠውና ድምፁ ምን እንደነበር ለማወቅ ሦስት መቶ ገጽ ዘልሎ ወደ ማስታወሻው እንዲሄድ ይጠየቃል። ማንም አይሄድም። ሕንፃ ሲደረመስ ቆሞ ማስታወሻ የሚያነብ ሰው የለም፤ ማስታወሻው የተጻፈው ተርጓሚው ሥራውን እንደሠራ እንዲቆጠርለት ነው። ከዚህ ይልቅ ከፊደሉ ጎን በትንሹ ፍቺ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ምንም እንኳ የፍንዳታን ጩኸት በሹክሹክታ ቢያሰማም፣ ቢያንስ በቦታው ላይ ያሰማል።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ። በሥዕሉ ውስጥ ያለ የሱቅ ሰሌዳ፣ የመንገድ ስም፣ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ የቦታው አካል ነው። የቶክዮ መንገድ በጃፓንኛ ይጻፋል፤ ታሪኩ ካልጠየቀው በቀር ይተው። ድምፅ ግን በዚያ ዓለም ውስጥ ያለ ቁስ አይደለም። ገጸ ባሕርያቱ ፊደሉን አያዩትም፣ ይሰሙታል። የሚያየው አንባቢው ብቻ ስለሆነ፣ በአንባቢው ቋንቋ መጻፍ ይኖርበታል።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ያለው አቅም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ጃፓንኛ የሚሰማ ድምፅን ብቻ ሳይሆን ድምፅ የሌለውን ሁኔታም በድምፅ መሰል ቃል ይጽፋል። ከሁሉ የታወቀው በካታካና «ሺ»፣ ረጅም ሰረዝና «ን» ተብሎ የሚጻፈው የጸጥታ ድምፅ ነው፤ በኮሚክ ገጽ ላይ ያስለመደው ቴዙካ ኦሳሙ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። አንድ ሰው ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሟል፤ ከበላዩ በቀጭን መስመር ያ ፊደል ተዘርግቷል። የእንግሊዝኛ ተርጓሚ እዚህ ሲደርስ ይቸገራል። «ጸጥታ» የሚለውን ስም ቢጽፍ ሁኔታውን በሩቅ ያስረዳል እንጂ ክፍሉን ጸጥ አያደርገውም፤ ሦስት ነጥብ ቢያደርግ ሰውየው ንግግሩን ያቋረጠ ይመስላል።

የአማርኛ ተርጓሚ ግን ከ«አለ» ጋር የሚሄዱ ቃላት ሀብት አለው። እንዲያውም ምርጫ ይበዛበታል። ሰውየው መናገር ስላልፈለገ ከሆነ «ዝም» አለ። ጉባኤው ተቆጥቶ ወይም ፈርቶ ከሆነ «ጭጭ» ነው። ሁከቱ በርዶ ከሆነ «ጸጥ»። ሰው የሌለበት ቤት፣ የተተወ ሰፈር፣ የሌሊት አደባባይ ከሆነ ደግሞ «እረጭ»። ጃፓንኛው በአንድ ቃል የሚሸፍነውን፣ አማርኛው ተርጓሚው ክፈፉን አይቶ እንዲመርጥ ያስገድደዋል፤ የጸጥታውን ዓይነት የሚነግረውም ሥዕሉ ነው። «አለ»ም መጻፍ የለበትም። በዝርው «ቤቱ እረጭ አለ» እንላለን፤ በኮሚክ ገጽ ላይ ግን «አለ» የሚለውን ሥዕሉ ራሱ ይለዋል፣ ከፊደሉ የሚጠበቀው «እረጭ» ብቻ ነው። ለድንጋጤ «ክው»፣ ለድንገተኛ ብርሃን «ቦግ»፣ ለሚሰወር ሰው «እልም»፣ ከፎቅ ቁልቁል ለሚያይ «ዥው»፣ ለሚመታ ልብ «ትር ትር» ሁሉም በዚሁ መንገድ ብቻቸውን ይቆማሉ። በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ የማይጻፉ ተብለው የሚዘለሉት ሁኔታዎች በእኛ ቋንቋ በየቀኑ የሚነገሩ ናቸው።

የፊደሉ ቅርጽም ይረዳል። ካታካና እንደ ፊደላችን በቃል ክፍል ይጽፋል፤ ፊደሎቹም አይቀጣጠሉም። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች የተደረደረ የጃፓንኛ ድምፅ በአማርኛም ከላይ ወደ ታች ሊደረደር ይችላል፤ የሠዓሊው ቅንብርም ሳይፈርስ ይቀመጣል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ጃፓንኛ ለሚንጎደጎድ ነገር «ጎ»ን ወይም «ዶ»ን ደጋግሞ ይደረድራል። ያንን እንዳለ በአማርኛ ድግግሞሽ የሚመልስ ሰው ሳያስበው ሌላ ቃል ይጽፋል፦ «ጓ» ሁለቴ ሲደገም «ጓጓ» ነው፣ «ጉ» ሲደገም «ጉጉ»፣ «ድ» ሲደገም የአፍ «ድድ»። አንባቢው ከፍርስራሹ መሃል ጉጉትና ድድ ይገጥመዋል። መፍትሔው ድምፁን በቃሉ መጨረሻ ባለው ሳድስ ማርዘም ነው፤ «ድርርርር»፣ «ጉምምም» ሲባል ሌላ ፍቺ አይገባበትም። ይህን አደጋ በስክሪን ላይ ካለ ዝርዝር ብቻ የሚተረጉም ሰው አያገኘውም፤ ገጹ ታትሞ በሩቅ ሲታይ ብቻ ይጋለጣል።

ወደ አረፋው እንመለስ። የጃፓንኛ አረፋ ጠባብና ረጅም የሆነው ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። 22 ሚሊ ሜትር ስፋትና 45 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው አረፋ እናስብ። ጽሑፉ ጠርዙን እንዳይነካ በየጎኑ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ቢተው፣ በአንድ መስመር የሚገባው አምስት ፊደል ገደማ ነው። መስመር ግን እስከ ዘጠኝ ይበቃል። አሁን አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ የምትለው ይህ ነው እንበል፦ «አባቴ እንደማይፈቅድልኝ እያወቅህ ለምን ትጠይቀኛለህ?» አማርኛው ጥሩ ነው፤ አረፋው ውስጥ ግን አይገባም። «እንደማይፈቅድልኝ» ብቻውን አሥር ፊደል ነው፣ «ትጠይቀኛለህ» ሰባት። አማርኛ በአንድ ቃል ውስጥ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አሉታውንና መስተዋድዱን ስለሚጭን፣ የቃላቱ ቁጥር ትንሽ ሆኖ የእያንዳንዱ ስፋት ይበዛል።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው ፊደሉን ማሳነስ ነው። ከሁሉ የከፋው ምርጫ ይሄ ነው፤ በኮሚክ ውስጥ የፊደል መጠን የድምፅ መጠን ስለሆነ፣ የምትቆጣዋን ልጅ ሹክሹክተኛ ያደርጋታል። ሁለተኛው ቃሉን በመስመር መጨረሻ መቁረጥ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን በጠባብ ዓምድ ላይ ይህን ያለ ምንም ሰረዝ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ቃሉ የት እንዳለቀ ሁለት ነጥቡ ይናገር ነበር። ዛሬ ባዶ ቦታ ሁለት ነጥቡን ስለተካው የተቆረጠው ቃል ሁለት ቃል ይመስላል። ሁለት ነጥብን ለጠባብ አረፋ መልሶ መጠቀም ቢሞከር ደስ ይለኛል። ሦስተኛውና የምመርጠው መንገድ ዐረፍተ ነገሩን አፍርሶ እንደገና መናገር ነው፦ «አባቴ፣ እንቢ፣ ይላል። እያወቅህ፣ ለምን?» አምስት መስመር፣ ከአምስት ፊደል የማይበልጥ፣ በዙሪያው አየር ያለው። «መፍቀድ» ጠፍቷል፣ «መጠየቅ» ጠፍቷል። ጠያቂው ግን እዚያው ክፈፍ ውስጥ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ መጠየቁን ሥዕሉ አሳይቶታል። የተረፈው የልጅቷ ትንፋሽ ነው፣ ከመጀመሪያውም ዐረፍተ ነገር ይልቅ በዚህኛው ትሰማኛለች።

ቃል መቀነስ የራሱ ወጥመድ አለው። ፊደላችን ጥብቅና ላላ አይለይም። «ይሰማል» በረጅም ጽሑፍ ውስጥ «እሱ ያዳምጣል» ይሁን «ድምፁ ይደርሳል» ዙሪያው ይነግረናል። ብቻውን አረፋ ውስጥ ሲቀመጥ ግን፣ ከግድግዳ ጀርባ ተደብቀው ከሚያወሩ ሁለት ሰዎች አንዱ «ይሰማል» ሲል፣ ሰውየው እየሰማን ነው ማለቱ ነው ወይስ ንግግራችን ወደ ውጭ ይወጣል ማለቱ? ታሪኩ በዚያ ቃል ላይ የሚዞር ከሆነ «ሰምቶናል» ብሎ በአንድ ፊደል ማስረዘም፣ ሌላውን መስመር ማሳጠር ግድ ይሆናል።

አውሮፓውያን ይህን ጥበት ቀደም ብለው ያውቁታል። የቲንቲን ውሻ በፈረንሳይኛ አምስት ፊደል የነበረው ስሙ በእንግሊዝኛም አምስት ፊደል በሆነ ሌላ ስም ተተክቷል፤ ለአረፋው እንዲመጥን እንደሆነ ይነገራል። በብዙ ቋንቋ በአንድ ጊዜ ለሚታተሙ ባለ ቀለም አልበሞች የሚቀየረው ጥቁሩ የማተሚያ ሰሌዳ ብቻ ነበር። ቀለሙ ለሁሉም አንድ ስለሆነ፣ በቀለም የተሞላ የድምፅ ፊደል ባለበት ይቀር ነበር። ዛሬ ሥዕሉ በኮምፒውተር በተለያየ ንጣፍ ስለሚሠራ ይህ ምክንያት የለም። ሠዓሊው የድምፅ ፊደሉን በራሱ ንጣፍ ላይ ካስቀመጠና ከሥሩ ያለውን ሥዕል ከጨረሰ፣ ተርጓሚው የሚያጠፋውም እንደገና የሚሥለውም የለም። ኤታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዳወጣው፣ ከመነሻው ለሁለት ቋንቋ የሚሠራ ሰው ደግሞ አረፋውን ከመክበቡ በፊት ሁለቱንም ጽሑፍ አስቀምጦ፣ ሰፊውን መስመር ከአንዱ፣ ብዙውን መስመር ከሌላው ወስዶ ሊለካ ይችላል።