መዝገብ ቤቱ ቀድሞ የሚያነበው ማመልከቻ

ከውጭ የሚመጣ አመልካች ማንነቱን ማስረዳት ይኖርበታል። ከውስጥ የሚወዳደር ሰው ግን የግል ማኅደሩ ሰው ሀብት ክፍል መደርደሪያ ላይ ነው፤ ዲግሪው፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤቱ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ከሆነም እሱ ጭምር። እንዲያም ሆኖ በሆስፒታላችን የዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ሳለሁ ከደረሱን ማመልከቻዎች አብዛኞቹ ማኅደሩን መልሰው የሚያነበንቡ ነበሩ። እኛ ዘንድ ደብዳቤው ለብቻው ነጥብ የለውም። ይሁንና ለቃለ መጠይቅ የሚወጡት ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ ከእሱ ስለሚነሱ፣ በደንብ የጻፈ ሰው የሚጠየቀውን በከፊል ራሱ ይመርጣል።

የመድኃኒት መጋዘን የምትመራ ፋርማሲስት ለፋርማሲ ክፍል ኃላፊነት ስትወዳደር ረቂቋን አምጥታ አሳየችኝ። ያኔ ከኮሚቴው ወጥቼ ነበር። ሁለተኛው አንቀጽ «ክፍሉ በአመራር ድክመት ምክንያት በተደጋጋሚ የመድኃኒት እጥረት ያጋጥመዋል» ይላል። ተሰናባቹ ኃላፊ ከመራጮቹ አንዱ መሆናቸውን ታውቃለች። «ጋሼ፣ እውነቱን መደበቅ አለብኝ እንዴ?» አለችኝ። መደበቅ የለባትም። ግን የውስጥ ማመልከቻ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ሲሰጠው ምን እንደሚል ተፎካካሪውም፣ ነገ የምትመራቸው ባልደረቦቿም ከሰዓት በኋላ ይሰማሉ። እነሱ ፊት ጮክ ተብሎ ሊነበብ የማይችል ዓረፍተ ነገር እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም።

ስለዚህ እጥረቱ ከየት እንደሚመጣ እንድትጽፍ ጠየቅኋት። መልሱን ከእኔ በላይ ታውቀው ነበር። ሆስፒታሉ በየሁለት ወሩ የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ሞልቶ ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይልካል፤ የሚጠየቀው መጠን የሚሰላው ባለፉት ሁለት ወራት ከወጣው ነው። አንድ መርፌ በ60 ቀን ውስጥ 600 ወጥቶ ቢሆንና ከእነዚያ ቀናት 30ውን መደርደሪያው ባዶ ከነበረ፣ ትክክለኛው ፍላጎት ወደ 1,200 ይጠጋል። ባዶ የነበሩት ቀናት ሳይቆጠሩ 600 ተብሎ ከተላከ ግን ዛሬ ያለቀው መድኃኒት በሚቀጥለው ዙርም ቀድሞ ያልቃል። ቀናቱን የሚያውቁት ደግሞ መድኃኒት ለታካሚ የሚያድሉት ባለሙያዎች ናቸው፤ መረጃው ከእነሱ ወደ መጋዘን የሚደርሰው ቅጹ ከተላከ በኋላ ነበር። ይህን በአራት መስመር ጻፈችው። ማንም አልተወቀሰም፤ የምታርመው ነገር ግን በግልጽ ታየ።

ስለ ራሷ ውጤት የጻፈችው ነበር ይበልጥ ያከራከረን። «የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በእጅጉ እንዲቀንስ አድርጌአለሁ» ብላለች። «በእጅጉ» የሚለው ቃል ውጭ ላለ ቀጣሪ ሊያልፍ ይችላል፤ እዚህ ግን ደብዳቤውን የሚያነበው የፋይናንስ ኃላፊ የማስወገጃ ቃለ ጉባኤውን የፈረመ ሰው ነው። መዝገቡን እንድታይ ነገርኳት። ቅናሹ እውነት ነበር። ጊዜው ሊያልፍ ከስድስት ወር በታች የቀረውን በየወሩ እየለየች በአቅራቢያ ላሉ ጤና ጣቢያዎች ማዛወር ከጀመረች ወዲህ የሚቃጠለው አንሷል። ከዚያው መዝገብ ግን ሌላም ነገር ወጣ፦ በዓመቱ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ የፕሮግራም መድኃኒት እንደቀድሞው በብዛት አልመጣም። ሁለቱንም ምክንያት በብር ከነመጠኑ ጻፈች። ደካማ ያደርገኛል ብላ ፈርታ ነበር። እኔ ግን ኮሚቴ ላይ ሳለሁ አምነው የነበረው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ ከድርሻዋ በላይ ያልወሰደች ሰው የቀረውን ስትናገርም ትታመናለች።

ከረቂቁ የጎደለው አንድ ትልቅ ነገር ሰው ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጋዘን ነው። የክፍል ኃላፊ ግን የምሽት ተረኛ ይመድባል፣ በመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ከሐኪሞች ጋር ይከራከራል፣ ዋርድ ውስጥ የሚሠሩትን ክሊኒካል ፋርማሲስቶች ይመራል። እሷ ዋርድ ውስጥ ብዙ አልሠራችም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ዝም ብትል ጥያቄው በቃለ መጠይቁ ላይ ተስሎ ይጠብቃታል። ስለዚህ ልምዷ እዚያ አነስተኛ መሆኑን ጠቅሳ፣ የዋርዱን ሥራ ማን እንደሚያስተባብር እሷ ብቻዋን እንደማትወስን፣ ከክሊኒካል ፋርማሲስቶቹ ጋር ተነጋግራ እንደምትመድብ ጻፈች። የአንዳቸውንም ስም እንዳትጠራ መክሬአታለሁ፤ ሳይጠየቅ ስሙ የተጠራ ሰው ሊቀየም ይችላል።

መዝጊያው ላይ «ዕድሉ ቢሰጠኝ ተቋሙን ወደ ላቀ ደረጃ...» የሚለውን ሰርዘን በቦታው መጋዘኑ ምን እንደሚሆን አስገባን። ከውስጥ ዕድገት ሲሰጥ የሚነሳው የመጀመሪያ ስጋት የሚለቀው ወንበር ነው፤ ሥራ አስኪያጁ አዲሱን ቦታ ሲሞሉ አሮጌው ክፍት እንዳይሆንባቸው ይሰጋሉ። እሷም ቢን ካርዱ ከመደርደሪያው ጋር ተመሳክሮ ሙሉ ቆጠራ እንደሚደረግ፣ ርክክቡ በሞዴል ተፈርሞ እንደሚጠናቀቅና እስከዚያ ድረስ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዛ እንደምትቆይ ጽፋ ፈረመች። ሁሉም በአንድ ገጽ አለቀ።