መቅረብና መሆን፦ በራስ ቅል የሚሠራ የዘር ሐረግ ግምት በአፍሪካ ቀንድ

እ.ኤ.አ. በጥር 2019 መጨረሻ ከጅቡቲ ጎዶሪያ ጠረፍ የተነሡ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በኤፕሪል 2024 እዚያው ጎዶሪያ አጠገብ 38 ሰዎች ሰጠሙ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ከየመን 310 መንገደኞችን ጭነው በመጡ ሁለት ጀልባዎች ላይ በደረሰ አደጋ 45 ሰዎች መሞታቸው ተነገረ። በዚህ መስመር ከሚጓዙት ውስጥ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ባሕር የተፋው አስከሬን በዚያ ሙቀት በጥቂት ቀን ውስጥ ፊቱ ስለሚጠፋ መርማሪው እጅ ላይ የሚቀረው ብዙ ጊዜ አጥንት ብቻ ነው። ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂስት አጥንቱን ሲመረምር ከጾታ፣ ከዕድሜና ከቁመት ጋር አራተኛ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ የዘር ሐረጉ ከየት ነው? ጥያቄው ቀላል የሚመስለው ከሩቅ ላየው ነው። ካርቲየ 7 ቢስን በመሰሉ በቁጥር በሚጠሩ የጅቡቲ ከተማ ሰፈሮች ሶማሌው፣ አፋሩ፣ መነሻው የመን የሆነው ዐረብና ኢትዮጵያዊው ጎረቤታሞች ናቸው። ከእነዚህ የአንዱ የራስ ቅል ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ዘዴ የማን እንደሆነ ሊነግረን አይችልም። ይባስ ብሎ አለመቻሉን ሳያሳውቅ በእርግጠኝነት የተጻፈ የሚመስል የተሳሳተ መልስ ሊሰጠን ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር በዚህ ሁለተኛው አደጋ ላይ ያተኩራል።

ዘዴው ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው በዓይን ማየት ነው። መርማሪው የአፍንጫው ቀዳዳ ሰፊ ወይም ጠባብ መሆኑን፣ የታችኛው ጠርዙ ስለት ያለው ወይም ወደ ላይኛው መንጋጋ የሚንሸራተት መሆኑን፣ ከጠርዙ ሥር ያለችው የአጥንት ሹል ምን ያህል እንደወጣች፣ የአፍንጫው አጥንት ከላይ እንደ ጣሪያ የሾለ ወይም የተዘረጋ መሆኑን፣ በሁለቱ የዓይን ጉድጓዶች መካከል ያለውን ስፋት ይመለከታል። ለረጅም ጊዜ የመማሪያ መጻሕፍት እነዚህን ምልክቶች በየአህጉሩ ከፍለው በሰንጠረዥ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ጆሴፍ ሄፍነር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ጥናት ግን ከአንድ ቡድን ይጠበቃሉ የሚባሉትን ምልክቶች በሙሉ አሟልቶ የሚገኝ የራስ ቅል እምብዛም እንዳልሆነ አሳየ። ሁለተኛው መንገድ መለካት ነው። በራስ ቅል ላይ ቦታቸው በስምምነት የተወሰነ ነጥቦች አሉ፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት በካሊፐር በሚሊሜትር ይወሰዳል። ዩጂን ጋይልስና ኦርቪል ኤሊየት እ.ኤ.አ. በ1962 እነዚህን ልኬቶች ወደ ቀመር ቀየሯቸው። ዛሬ ሥራው በአብዛኛው የሚከናወነው በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተዘጋጀው ፎርዲስክ በተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ አዲሱን የራስ ቅል ቀድሞ ከተለኩ ቡድኖች ጋር ያነጻጽራል። በተለይ ለዓለም አቀፍ ንጽጽር የሚደገፈው ዊልያም ሀውልስ ዓለምን ዞሮ ከ2,500 በላይ የራስ ቅሎችን በመለካት በሰበሰበው መረጃ ላይ ነው። በዚህ መረጃ ውስጥ አፍሪካን የሚወክሉት የግብፅ ጊዛ፣ የኬንያ ታይታ፣ የማሊ ዶጎን፣ የደቡብ አፍሪካ ዙሉና ሳን ናቸው። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከጅቡቲ የተወሰደ ቡድን የለም።

የዚህ ጉድለት ትርጉም የሚገባው አሠራሩን በቁጥር ሲከታተሉት ነው። ለማስረዳት ብቻ በአሳብ አንድ የራስ ቅል እናንሣ። በ18 ልኬቶች ከሦስት ቡድኖች ጋር ተነጻጽሮ ከመጀመሪያው ያለው የርቀት ካሬ 30፣ ከሁለተኛው 33፣ ከሦስተኛው 36 ሆነ እንበል። ፕሮግራሙ የራስ ቅሉ ከሦስቱ የአንዱ መሆኑን እንደ ታወቀ ነገር ወስዶ ዕድሉን ያካፍላል፤ ለመጀመሪያው 78.6፣ ለሁለተኛው 17.5፣ ለሦስተኛው 3.9 በመቶ ይደርሳል። አሁን ሦስቱንም ርቀቶች በ20 እንጨምራቸውና 50፣ 53፣ 56 ይሁኑ። የራስ ቅሉ ከሁሉም በእጅጉ ራቀ ማለት ነው። ሆኖም ክፍፍሉ አሁንም 78.6፣ 17.5 እና 3.9 ነው፤ ምክንያቱም ስሌቱ የሚያየው የርቀቶቹን ልዩነት እንጂ ርቀቱን ራሱን አይደለም። ርቀቱን የሚናገረው ሌላ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር የራስ ቅሉ በእርግጥ የዚያ ቡድን አባል ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ በላይ ከቡድኑ አማካይ የሚርቅበትን ዕድል ያሳያል። በመጀመሪያው ምሳሌያችን ይህ ዕድል 4 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በሁለተኛው ከሺህ አንድም አይደርስም። ሁለተኛውን ቁጥር ትቶ 78.6ን ብቻ በሪፖርቱ ላይ የሚያሰፍር መርማሪ ዋሽቷል አይባልም። አንባቢው ግን «ከቀረቡት መካከል ይህ ይቀርባል» የሚለውን «ከዚህ ነው» ብሎ ያነበዋል። የራሱ ቡድን በመዝገቡ ውስጥ የሌለ ሰው ሁሉ የሚገባው እዚህ ወጥመድ ውስጥ ነው፤ የቀንዱ ሰው ደግሞ ከመዝገቡ ከቀሩት አንዱ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ የሚቀር ስጋት እንዳልሆነ በጎረቤታችን በኑቢያ ታይቷል። ፍራንክ ዊልያምስ፣ ሮበርት ቤልቸርና ጆርጅ አርሜላጎስ ከሱዳን ኑቢያ የተገኙ የሜሮኢ ዘመን የራስ ቅሎችን በፎርዲስክ ፈትነው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተሙ። በአንድ ሥፍራ የኖረ አንድ ሕዝብ በፕሮግራሙ ዓይን በልዩ ልዩ አህጉራት ላይ ተበተነ። የፕሮግራሙ ደጋፊዎች፣ ከመዝገቡ ውጭ የሆነን ጥንታዊ ሕዝብ ለፕሮግራሙ መስጠት ትክክለኛ አጠቃቀም አይደለም፣ የርቀቱን ቁጥር ያየ ሰውም አይሳሳትም ሲሉ መለሱ። መልሱ በራሱ ልክ ነው። ነገር ግን ከጅቡቲ ባሕር የወጣውን የራስ ቅል በተመለከተ ተቺዎቹን የሚረዳ እንጂ ደጋፊዎቹን የሚያድን አይደለም። ከመዝገቡ ውጭ ያለን ሰው መጠየቅ ስሕተት ከሆነ፣ በዚህ ባሕር ዳርቻ ገና ከመጀመሪያው ጥያቄውን ማንሣት ስሕተት ነው። ማሪና ኤሊየትና ማርክ ኮላርድ እ.ኤ.አ. በ2009 ያደረጉት ፈተናም በዚሁ ላይ የሚጨምር ነው፤ ፕሮግራሙ የሚሳካለት የራስ ቅሉ ከሞላ ጎደል ሙሉ ሲሆንና ቡድኑም በመዝገቡ ውስጥ ሲገኝ ብቻ ነው፣ ያኔም በእርግጠኝነት የሚመደቡት እጅግ ጥቂት ናቸው ብለዋል።

ብርቱው ተቃውሞ ከአሜሪካ የሥራ ልምድ ይነሣል። እዚያ መርማሪዎች ጥቁርና ነጭ አሜሪካውያንን በራስ ቅል ሲለዩ በአብዛኛው ይሳካላቸዋል፤ ዘዴው ባዶ ቢሆን ይህ ከየት ይመጣል? ስኬቱ መካድ የለበትም፤ ምንጩን ግን ማየት ይገባል። ጆን ሬልዝፎርድ የሀውልስን ልኬቶች ተጠቅሞ እንዳሳየው በዓለም ካለው የራስ ቅል ልዩነት ውስጥ በታላላቅ ክፍለ ዓለማት መካከል የሚገኘው 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ከቀረው አብዛኛው በየአካባቢው ሕዝብ ውስጥ ያለ ነው። ይህች ጥቂት ልዩነት ብዙ ልኬቶች ሲደመሩ ጥቅም ላይ ትውላለች፤ በተለይ የሚነጻጸሩት ከተራራቁ የዓለም ዳርቻዎች መጥተው ለትውልዶች በሕግና በልማድ እንዳይጋቡ የተከለከሉ ሁለት ሕዝቦች ሲሆኑ። አሜሪካ ይህን ሁኔታ በባርነትና በመድልዎ ፈጥራለች። የቀይ ባሕር ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት የዘረመል ጥናት በብዙ የኢትዮጵያ ሕዝቦች ውስጥ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት የገባ ከአፍሪካ ውጭ የመጣ ቅይጥ እንዳለ አሳይቷል። ስለዚህ ከኦቦክ እስከ ሞካ ማዶ፣ ከወሎ እስከ ሐረር ልዩነቱ ቀስ በቀስ የሚለወጥ እንጂ በድንበር የተቆረጠ አይደለም።

የአፍንጫ አጥንት እዚህ ላይ ብዙ ጥፋት አድርሷል። በቀንዱ አካባቢ ጠባብ አፍንጫ የተለመደ ነው። ቻርልስ ሴሊግማን እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የመሰለውን መልክ ከውጭ የመጣ «ሐማዊ» ዘር ማስረጃ አድርጎ ለአፍሪካ ሥልጣኔ ባዕድ ባለቤት ሰጠ። ዛሬ ያን ትምህርት የሚቀበል ተመራማሪ የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም ጠባብ አፍንጫን «አውሮፓዊ» በሚል ዓምድ ሥር የሚያስቀምጥ ሰንጠረዥ ለአንድ የሰጠመ የወሎ ወጣት የሚሰጠው መልስ ከሴሊግማን ብዙም አይርቅም። የአፍንጫ ስፋት ደግሞ ከአየር ንብረት ጋር የተያያዘ ነው፤ በደረቅና በቀዝቃዛ አገር የመጥበብ ዝንባሌ አለው። አንድ ዓይነት አየር ሁለት ዘመድ ያልሆኑ ሕዝቦችን በዚህ ረገድ ሊያመሳስል ስለሚችል ከዚህ ምልክት ወደ ዘር ሐረግ በቀጥታ መሄድ አይቻልም።

ታዲያ የቀንዱን ሕዝብ ለምን አንለካም? መለካቱ ይጠቅማል፤ ቢያንስ የሟቹ የራስ ቅል ወደ ጊዛ ወይም ወደ ታይታ በግድ አይገፋም። ይሁን እንጂ አዲሱ መዝገብ የሚሰጠው «ከዚህ አካባቢ ነው» የሚለውን መልስ ነው፤ ጀልባው ከዚህ መነሣቱን የሚያውቅ መርማሪ ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል። የሚፈልገው አማራውን ከኦሮሞው፣ ሶማሌውን ከአፋሩ መለየት ከሆነ እነዚህ የቋንቋና የባህል መለያዎች ናቸው። ለዘመናት በተጋባ ሕዝብ መካከል አጥንት ተከትሏቸው ይከፈላል ብሎ ለመጠበቅ ምክንያት የለም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከተግባር ሰዎች የሚመጣ ነው፤ ሺህ የጠፉ ሰዎች ዝርዝር ፊት ለተቀመጠ መርማሪ ደካማ ፍንጭም ቢሆን ከምንም ይሻላል ይላሉ። ይህ የሚሠራው ፍንጩ ፋይሎችን ለማስቀደም ብቻ ሲያገለግል ነው። በተግባር ግን ለማስወገድ ያገለግላል። «ዐረባዊ ወይም ሰሜን አፍሪካዊ» ተብሎ የተመዘገበ አስከሬን ከኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ፋይል ጋር ጭራሽ ላይነጻጸር ይችላል፤ ስሕተቱም ማንም ሳያየው ይኖራል፣ ምክንያቱም ያልተደረገ ንጽጽር ምልክት አይተውም። ለዚህም ነው ኤልዛቤት ዲጋንጊና ጆናታን ቤታርድ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካም ቢሆን ይህ ግምት ከምርመራው እንዲወጣ የጠየቁት፤ ሌሎች ባለሙያዎች አጥብቀው ተቃውመዋቸዋል፣ ክርክሩም አልተዘጋም።

ያለ ዘር ሐረግ ግምት መሥራት እንደሚቻል በዚሁ ሕዝብ ላይ ታይቷል። የአርጀንቲና ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ጋር ሆኖ የደርግ ዘመን የጅምላ መቃብሮችን ሲከፍት ገዳይም ሟችም የአንድ አገር ሰዎች ነበሩ፤ የራስ ቅል የዘር ሐረግ ምንም አይፈይድም ነበር። ኤርትራውያን የበዙባቸው ከ360 በላይ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ላምፔዱዛ አጠገብ ሲሰጥሙም በሚላን የክሪስቲና ካታኔዎ ቡድን ቤተሰቦችን እየጠራ የሟቾቹን የጥርስ ቅርጽ፣ ጠባሳና ንቅሳት ከፎቶግራፍና ከዘረመል ናሙና ጋር አመሳክሯል። ከኦቦክ ጠረፍ ለሚወጣ አስከሬንም ፋይሉ ላይ መስፈር ያለበት የዕድሜና የቁመት ክልል፣ ጥርስ በጥርስ የተሞላ ሰንጠረዥ፣ የፊት ጥርሶች ሳቅ ላይ እንደሚታዩት ሆነው የተነሡበት ፎቶግራፍ፣ የዳነ ስብራትና ለዘረመል ምርመራ የተቀመጠ ጥርስ ወይም የጭን አጥንት ቁራጭ ነው። የራስ ቅሉ ልኬቶች ይወሰዱ፤ ቁጥሮቹ ግን እንዳሉ ይቀመጡ፣ ከእነሱ የወጣ የዘር ስም በመፈለጊያው ዓምድ ውስጥ አይግባ። የሟቹ ጥርስ ናሙና የሚነጻጸርበት የእናት ወይም የወንድም ናሙና ያለው ደሴ፣ ጅማ ወይም አዲግራት ነው፤ ዛሬ የጎደለው እሱን ሰብስቦ ጅቡቲ የሚያደርስ አሠራር ነው።