በሩን ለምን ትቀንሳለህ?

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሜትሩን እየጠቀለለ፣ «ጋሼ፣ በሩን ለምን ትቀንሳለህ? ሌሎቹ ለብክነት ብለው ይተዉታል እኮ» አለኝ። ብዙ ቀቢዎች የሚሠሩት እንደዚያ ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም።

ሳሎኑ 5 በ4 ሜትር ነው፤ ቁመቱ 2.80። ዙሪያው 18 ሜትር ስለሆነ ግድግዳው 50.4 ካሬ ይሆናል። ሦስቱ በሮች እያንዳንዳቸው 90 በ210 ሳንቲም ናቸው፤ ሲቀነሱ 45 ካሬ ያህል ይቀራል። ባልዲው ላይ አንድ ሊትር 10 ካሬ ይሸፍናል ተብሎ ተጽፏል። በዚህ ከሄድን ለሁለት እጅ 9 ሊትር ይበቃል፤ በሩን ካልቀነስን ደግሞ 10 ሊትር ገደማ። ለብክነት የተተወው እንግዲህ አንድ ሊትር ብቻ ነው።

የሳሎኑ ልስን ግን ያኔ አዲስ ነበር፤ ቀለም ነክቶት አያውቅም ነበር። ውሃ ረጨት ሳደርግበት ወዲያው ጠቆረና መጠጠው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ባልዲው ላይ የተጻፈውን 10 ካሬ አይሰጥም፤ ያ ቁጥር ለለሰለሰና ለማይመጥ ግድግዳ ነው። አንድ ሊትር ለክቼ በሮለር ስቀባው 6 ካሬ ላይ አለቀ። ስለዚህ ሁለቱን እጅ ለየብቻ አሰላለሁ፦ የመጀመሪያው 45 ለ6 ሲካፈል 7.5 ሊትር፣ ሁለተኛው 45 ለ10 ሲካፈል 4.5 ሊትር፤ በድምሩ 12። ጉድለቱ ሦስት ሊትር ነው፤ በበሩ የተደበቀው አንድ ሊትር አይሞላውም። ውሃ እያበዙ ማዳረስም መፍትሔ አይደለም፤ ቀለሙ ይሳሳና ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋል።

የባለ 4 ሊትሩ ባልዲ ዋጋ 2,000 ብር ነው እንበል። 12 ሊትር ልክ ሦስት ባልዲ፣ 6,000 ብር ነው። ሮለሩና ትሪው የሚያስቀሩት ስላለ አራተኛውን ካልተከፈተ እንደሚመለስ ከሻጩ ጋር ተስማምቼ እወስዳለሁ። ቀለሙ የተቀመመ ከሆነ በኋላ የሚገዛው ባልዲ ከፊተኛው ጋር ላይመሳሰል ይችላል፤ ግድግዳው መሃል ላይ ልዩነቱ ያስታውቃል። 1,500 ብር የሚሸጠው ርካሹ ባልዲ ደግሞ በሊትር 6 ካሬ ብቻ የሚሸፍን ከሆነ፣ የአንድ ካሬ አንድ እጅ 62 ብር ከ50 ይወጣበታል። የ2,000 ብሩ 10 ካሬ ከሸፈነ 50 ብር ነው።

ቀቢ ቀለም ይሸጣል የሚል ሐሜት እንዳለብን አውቃለሁ። ስለዚህ ሥራ ሳልጀምር ሒሳቡን በወረቀት ጽፌ ለባለቤቱ እሰጣለሁ፤ ስጨርስም ባዶ ባልዲዎቹን አብረን እንቆጥራለን። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ሳሎን እንዳድስላቸው የጠሩኝ እናት ወረቀቱን አስቀምጠውት ኖሯል። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና፣ «የመጀመሪያውን እጅ በ6 ነበር ያሰላኸው። አሁን ግድግዳው ተቀብቷል፤ ሁለቱንም በ10 አስላልኝ» አሉኝ። አስልቼ 9 ሊትር አልኳቸው፤ ሦስት ባልዲ ገዙ።