የትምህርት ማስረጃ ትርጉምና የተርጓሚው ወሰን

ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው ለአቻ ግምት ከሚቀርቡ ማስረጃዎች መካከል «ባካሎሬአ» የሚለውን ስም «ባችለር ዲግሪ» ብለው የሚያስነብቡ አይታጡም። ስሞቹ ይመሳሰሉ እንጂ ባካሎሬአ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ነው፤ ስለዚህ የአንድ ቃል ስሕተት ተማሪውን ያልተማረው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ባለቤት ያደርገዋል። ስሙን እንዳለ መጻፍ ይበቃ ነበር።

በነጥብም ረገድ እንዲሁ ነው። በዚህ ፈተና ከ20 አማካይ 12 ያገኘ ተማሪ «አሴ ቢያን» ማለትም «በመጠኑ ጥሩ» የሚል ማዕረግ ይሰጠዋል። ይህን ወደ መቶኛ ለውጦ 60 ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ፣ ሒሳቡ ትክክል ቢሆንም፣ በማዕረግ ያለፈውን ከደካሞች ተራ ያሰልፈዋል። መመዘን የገምጋሚው ፈንታ ነው። ከተርጓሚው የሚጠበቀው ማኅተሙና የጀርባው ጽሑፍ ሳይቀር ሁሉን በቦታው መመለስ ነው፤ ፊርማውም የሚያረጋግጠው የትርጉሙን ትክክለኛነት እንጂ የሰነዱን እውነተኛነት አይደለም።